የጠዋቱ መልእክት፦ ከሰባት ሥራ አንዱን መምረጥ

ለሥራ ጀማሪ የቀኑን ሥራዎች ዘርዝሮ የሚላክ የጠዋት መልእክት ተቀባዩ ከቤት ከመውጣቱ በፊት መድረስ አለበት። ከሰበታ በጅማ መንገድ፣ ከቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ከሱሉልታ በእንጦጦ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው የቀኑን አቅጣጫ የሚወስነው ታክሲ ሳይዝ ነው። መርካቶ መሄድ የነበረባትን ልብስ ሰፊ ሱቋን ከከፈተች በኋላ ማስታወስ ግማሽ ቀን ያባክናል።

አስቸጋሪው ክፍል ቀዳሚውን ሥራ መምረጥ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሠራው ስህተት ማስረከቢያው የቀረበውን ሥራ ከላይ ማስቀመጥ ነው። በቡራዩ ሥራ የጀመረች አንዲት ልብስ ሰፊ በጳጉሜን 2 ጠዋት ሰባት ሥራ አለባት እንበል። አንዱ ዛሬ ከሰዓት 11:00 የሚወሰድ የዚፕ ጥገና ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። ሌላው መስከረም 3 ጠዋት የሚረከብ 16 የተማሪ ዩኒፎርም ነው። በቀኑ ቅርበት ከተደረደረ ዚፑ ይቀድማል፤ ዩኒፎርሙም ወሩ ስለተለየ ብቻ ሩቅ ይመስላል።

ከማስረከቢያው ወደ ኋላ ሲቆጠር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሰፊዋ በቀን አራት ትጨርሳለች፤ ስለዚህ አራት የሥራ ቀን ያስፈልጋታል። ጳጉሜን አምስት ቀን ብቻ በሆነበት ዓመት፣ መስከረም 1 በዓል ስለሆነ፣ የሚቀሯት ጳጉሜን 3፣ 4፣ 5 እና መስከረም 2 ናቸው። ትርፍ ቀን የለም፤ ጨርቁ ዛሬ ካልተገዛ አራት ዩኒፎርም ይጎድላል። ስለዚህ ቀዳሚው ሥራ የሚለየው መጀመሪያ በሚያልቀው ቀን ሳይሆን ሳይዘገይ መጀመር ባለበት ቀን ነው። ከማስረከቢያው ቀን አጠገብም «6 ቀን ቀረው» ብሎ መጻፍ ይጠቅማል።

መልእክቱ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ከሄደ ቦታው ጠባብ ነው። በላቲን ፊደል እስከ 160 ምልክት የሚይዘው አንድ መልእክት በግዕዝ ፊደል 70 ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ ይከፋፈላል። ቀዳሚው ሥራ በመጀመሪያው መስመር መውጣት ያለበትም ለዚህ ነው፦

«ዛሬ መጀመሪያ፦ ጨርቅ ከመርካቶ፣ እስከ ጠዋት 3:00 ተነሺ።»

ይህ 38 ምልክት ነው። ቀጥሎ ዚፑ ከነሰዓቱ ይመጣል፤ የተቀሩት አምስቱ «ሌሎች 5» ተብለው ቢታጠፉ ይሻላል። ዛሬ የሚያልቅ ሥራ ግን ፈጽሞ መታጠፍ የለበትም። «ጠዋት» የሚለው ቃልም እንዳይቀር፦ በኮምፒውተር አቆጣጠር የተጻፈ 3:00 ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነውና፣ ቃሉ ከሌለ ተቀባይዋ የቱን እንደሆነ አታውቅም።

መልእክቱ እንዳልሠራ የሚታወቀው አንድ ቀዳሚ ሥራ ሦስት ጠዋት ሳይለወጥ ሲመላለስና ትንንሾቹ ብቻ ሲያልቁ ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፤ «ዩኒፎርም መስፋት» ተብሎ የተጻፈው የአንድ ቀን ሥራ ስላልሆነ ነው። በቦታው «ጨርቅ መግዛት»፣ ነገ ደግሞ «የመጀመሪያዎቹን አራት መቁረጥና መስፋት» ተብሎ መጻፍ አለበት።