አንድ ገጽ ብቻ! ለትንሽ ቡድን የተሠራ የጌም ዲዛይን ሰነድ

ይህን ነገር ለሰው ሳልነግር ማደር አልቻልኩም። ጌም ለመሥራት የሚያስቡ ሦስትና አራት ጓደኛሞች ካሉ፣ የኮዱን የመጀመሪያ መስመር ከመጻፋቸው በፊት አንድ ነገር እንዲያነቡ እለምናቸዋለሁ፦ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጻፈውን የዲያብሎ የመጀመሪያ ሐሳብ ማቅረቢያ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የነበረ ኮንዶር የሚባል ትንሽ ድርጅት፣ ዴቪድ ብሬቪክና ሁለቱ የሼፈር ወንድማማቾች የመሠረቱት፣ ጌሙን የሚያሳትምለት ኩባንያ ሲፈልግ ያዘጋጀው ጥቂት ገጽ ነው። ብሬቪክ እ.ኤ.አ. በ2016 ለሕዝብ አወጣው። አንብቤ ስጨርስ ከወንበሬ ተነሣሁ!

የሚያስደንቀው የሰነዱ ማጠር ብቻ አይደለም። ገና ከመግቢያው ተጫዋቹ ምን እንደሚያደርግ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ አንድ ገጸ ባሕርይ ይፈጥራል፣ ከመሬት በታች ወዳለ ዋሻ ይወርዳል፣ ጭራቅ ይገድላል፣ ዕቃ ይሰበስባል፣ በርትቶ ወደ ባሰው ጥልቀት ይወርዳል። ዋሻው በእያንዳንዱ ጨዋታ አዲስ ሆኖ ይዘረጋል። ጌሙ ይኸው ነው።

አሁን የሆነውን ተመልከቱ። በሰነዱ ላይ ጌሙ በተራ የሚጫወቱት ነበር፤ ተጫዋቹ አንድ እርምጃ፣ ከዚያ ጭራቁ አንድ እርምጃ። ብሊዛርድ ጌሙን ሊያሳትም ሲስማማ ተራ መጠበቁ ቀርቶ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይንቀሳቀስ አለ። ብሬቪክ እንደተናገረው የመጀመሪያውን ሙከራ የሠራው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ትንንሽ ማስፋፊያ ዲስኮችን በርካሽ እየሸጡ ጌሙን የማሳደግ ሐሳብም ሰነዱ ላይ ነበረ፤ እንደታሰበው ሳይሆን ቀረ። በምትኩ በኢንተርኔት አብሮ መጫወት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ1997 መገናኛ ጌሙ ለገበያ ሲወጣ ግን ያ የመግቢያው ነገር አንድም አልጎደለም፦ አንድ ጀግና፣ የሚለዋወጥ ዋሻ፣ ጭራቅ፣ ዕቃ፣ ወደ ታች መውረድ። ይህን ያህል ነገር ተቀያይሮ ጌሙ ያው ጌም ሆኖ የቀረው፣ የማይነካው ነገር ከመጀመሪያው በግልጽ ስለተጻፈ ይመስለኛል።

ስፖርና ሲምሲቲ ላይ የሠራው ዲዛይነር ስቶን ሊብራንዴ ደግሞ ይህን መንገድ እስከ ጫፉ ወሰደው። እ.ኤ.አ. በ2010 በጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ ዲዛይንን በአንድ ገጽ ስለማስፈር ንግግር አደረገ። የእሱ ነጥብ ቀላልና ከባድ ነው፤ ወፍራም ሰነድ ማንም አያነብም፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ገጽ ግን ሁሉም ያየዋል።

እንግዲህ ይህ ለትንሽ ቡድን እንዴት እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ሦስት ሰዎች አሉ እንበል፦ ፕሮግራመር፣ ሠዓሊ፣ ሦስተኛው ዲዛይኑንም ድምፁንም የሚይዝ። አሥራ ሁለት ሳምንት አላቸው። ሐሳባቸው ተጫዋቹ የአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ ረዳት የሚሆንበት የስልክ ጌም ነው። ገጻቸው ይህን ይመስላል፦

ስም፦ ወራጅ አለ!

በአንድ ዓረፍተ ነገር፦ ከሜክሲኮ እስከ ቦሌ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሒሳብ የምትሰበስብና ተሳፋሪው ከመውረዱ በፊት መልሱን አስልተህ የምትሰጥ ረዳት ነህ።

ተጫዋቹ ደጋግሞ የሚያደርገው፦ ተሳፋሪውን ይነካል፣ የሰጠውን ብር ያያል፣ መልሱን ከእጁ ላይ ካሉት ኖቶችና ሳንቲሞች መርጦ ይመልሳል፣ «ወራጅ አለ!» ሲባል በሩን ይከፍታል።

የአንድ ዙር ርዝመት፦ ሦስት ደቂቃ።

ዙሩ የሚያልቀው፦ ታክሲው ቦሌ ሲደርስ፣ ወይም ሦስት ተሳፋሪ ተቆጥቶ ሲወርድ።

ለማን፣ በምን፦ በአንድ እጁ አንድሮይድ ስልክ ይዞ ሰልፍ ለሚጠብቅ ሰው፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

የማንለቃቸው ሦስት ነገሮች፦ የመልስ ሒሳብ ጥድፊያ፤ የከተማው ድምፅ፤ ሳቅ።

በዚህ ጌም ውስጥ የማይኖር፦ መኪና መንዳት፣ በኢንተርኔት አብሮ መጫወት፣ ታክሲ ማሳመር።

አለቀ! የመጨረሻዋን መስመር ግን በደንብ እዩልኝ፣ እኔን ያሳበደችኝ እሷ ናት። ሦስቱም የማይኖሩ ነገሮች ጥሩ ሐሳቦች ናቸው፤ ስለ ታክሲ ጌም የሚሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቃቸው ናቸው። እዚያ ካልተጻፉ በአምስተኛው ሳምንት አንዱ የቡድኑ አባል በቅን ልቦና መንዳቱን ይጀምረዋል። መንዳት ደግሞ ብቻውን አይመጣም፤ መንገድ፣ ሌሎች መኪኖች፣ ግጭት፣ የትራፊክ መብራት ይዞ ይመጣል። በኢንተርኔት አብሮ መጫወትም እንዲሁ ሰርቨር፣ መግቢያ ስም፣ የኔትወርክ መቆራረጥና አጭበርባሪ መከላከያ አስከትሎ ይገባል። ስለዚህ ማንኛውም ፊቸር ከመጽደቁ በፊት ከኋላው የሚጎትተው ሁሉ በሥሩ ይጻፋል። ዝርዝሩ ከሐሳቡ ሲበልጥ መልሱ ወዲያው ይታያል።

ገጹ መሥራቱን የሚለዩበት መንገድም ግሩም ነው። ከቡድኑ ውጭ ላለ ሰው ስጡት፣ ያንብብ፣ ገጹን ተቀበሉት፣ ከዚያ «ተጫዋቹ ምን ያደርጋል?» ብላችሁ ጠይቁት። «ብር ተቀብሎ መልስ ይሰጣል» ካለ ገጹ ደርሷል። ስለ ረዳቱ የልጅነት ታሪክ መናገር ከጀመረ ግን የጻፋችሁት የጌሙን ዓለም እንጂ ጌሙን አይደለም፤ እንደገና ጻፉ።

ቀጥሎ የሚመጣው የፊቸር ዝርዝር ነው፤ ሁለተኛው ድንቅ ነገር ያለው እዚህ ነው። እያንዳንዱ ፊቸር ተፈትኖ «ሠርቷል» ወይም «አልሠራም» ሊባል በሚችል ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። «ተሳፋሪዎች ስሜት አላቸው» የሚለው አይፈተንም። «ታሪፉ 15 ብር ሆኖ 100 ብር የሰጠ ተሳፋሪ 85 ብሩን ከመውረጃው በፊት ካላገኘ ይቆጣል» የሚለው ግን ለፕሮግራመሩ ምን ኮድ እንደሚጽፍ፣ ለሠዓሊው ስንት የፊት ገጽታ እንደሚሥል፣ ለድምፁ ሰው ምን እንደሚቀዳ በአንድ ጊዜ ይነግራቸዋል። አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ሰው ሲያሠራ አስቡት!

ከዚያ ቀናቱ ይቆጠራሉ። አሥራ ሁለት ሳምንት በአምስት የሥራ ቀን ለእያንዳንዱ ሰው 60 ቀን ይሆናል። ከዚያ ላይ ሲሶው ለፍተሻ፣ ለስህተት ማረምና ጌሙን ወደ ገበያ ለማውጣት ይቀመጣል፤ ይህ ካልተቀመጠ በኋላ በግድ ይወሰዳል። ለእያንዳንዱ 40፣ ለቡድኑ 120 ቀን ቀረ።

የፕሮግራመሩ ሥራ ሲደመር 34 ቀን መጣ። የሦስተኛው ሰው ድምፅ፣ የደረጃዎች ክብደትና ሙከራ 26 ቀን። ለሠዓሊው የታክሲው ውስጥ 6፣ አሥር ተሳፋሪዎች በሦስት በሦስት ቀን 30፣ ብሮቹ 3፣ ቁልፎችና ጽሑፎች 6፣ ሦስት የመንገድ ትዕይንቶች 12፤ በድምሩ 57። ሁሉም ሲደመር 117 ነው። ከ120 በታች! ቡድኑ እዚህ ላይ ተጨባብጦ ሥራ ይጀምራል፤ ብዙ ጌም የሚሞተውም እዚሁ ላይ ነው። ምክንያቱም ሠዓሊው ያለው 40 ቀን ብቻ ነው፣ የፕሮግራመሩ ትርፍ ቀናት ደግሞ ሥዕል አይሥሉም። ድምሩ ልክ ሆኖ ጌሙ አይደርስም። ስለዚህ የሚቆጠረው በሰው በሰው ነው፤ ገደቡም የሚወሰነው ብዙ በተጫነበት ሰው ነው።

መፍትሔው የሚገኘው ደግሞ ከዚያችው ገጽ መሆኑ! ከማንለቃቸው ሦስት ነገሮች አንዱም አሥር የተለያየ ሰውነት አይጠይቅም። አራት ሰውነት ይሣላል፣ 12 ቀን፤ ነጠላ፣ ኮፍያና የልብስ ቀለም ለመቀያየር 2 ቀን ይጨመራል፤ 30 የነበረው 14 ሆነ። የመንገዱም ትዕይንት ከሦስት ወደ አንድ ወረደ፣ 4 ቀን፤ የተጫዋቹ ዓይን ያለው እጁ ላይ ባለው ብር ነውና። ሠዓሊው በ33 ቀን ጨረሰ። የመልስ ጥድፊያው አልተነካም፤ «ቦሌ፣ ቦሌ፣ ቦሌ!» የሚለው ጥሪም አልተነካም። የሚቆረጠውን የመረጠው የማንም ጉልበት ሳይሆን ገጹ ነው። ማንም ተሸንፎ አልወጣም!

ወሰኑንም ልናገር። ሁሉም ጌም በአንድ ገጽ አይያዝም። ግሪም ፋንዳንጎን የመሰለ በታሪክና በእንቆቅልሽ የተጠላለፈ ጌም ሲሠራ የእንቆቅልሹ ሰነድ ብቻ ከ70 ገጽ በላይ ነበር፤ አንዱ ቁልፍ የሌላውን በር የሚከፍትበት ሥራ ዝርዝር ይጠይቃል። «ወራጅ አለ!»ም ቢሆን የታሪፍና የደረጃ ቁጥሮቹን በሌላ ሠንጠረዥ ይይዛል፤ እነዚያ በሙከራ በየቀኑ ስለሚለዋወጡ ከገጹ ላይ መቀመጥ የለባቸውም።

ሥራው ከተጀመረ በኋላ አንድ ሕግ ብቻ ይጠበቃል፦ አዲስ ፊቸር የሚገባው፣ በዚያው ሰው ላይ ያንኑ ያህል ቀን የሚወስድ ሌላ ፊቸር ሲወጣ ነው። በሰባተኛው ሳምንት አንዱ «የ200 ብር ኖት ይዞ የሚሳፈርና ዝርዝር የሚያሳጣ ሰው እንጨምር!» ቢል ማንም በሐሳቡ ውበት አይከራከርም፤ እንደ እውነቱ ድንቅ ሐሳብ ነው፣ ለመልሱ ጥድፊያ የተፈጠረ። ፕሮግራመሩ 3 ቀን ይፈጃል ይላል፤ ከራሱ ዝርዝር ውስጥም የ3 ቀን የውጤት ሰሌዳ ማሳመሪያ አለ። አንዱ ወጣ፣ አንዱ ገባ፤ ጌሙ ይበልጥ አሣቀ፣ የመጨረሻው ቀን ግን በአንድ ቀን እንኳ አልተገፋም። ሦስት ሰው ያለው ቡድን እንዲህ ያለ ነገር በእጁ ሊኖረው ይችላል፣ ዋጋውም አንድ ወረቀት ነው!