የሌለ ኮድ ሲሰጠው ዝም የማይል ቀመር

በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የሚገኝ የግንባታ ዕቃ መደብር ለደንበኛው ፕሮፎርማ ሲያዘጋጅ የዕቃውን ኮድ በኤክሴል ላይ ይጽፍና ዋጋው ከዋጋ ዝርዝሩ በራሱ እንዲመጣ ያደርጋል። ይህን የሚሠራው ቀመር ብዙ ጊዜ VLOOKUP ሲሆን፣ ጥሩ መሆኑ የሚለየውም ያለውን ዋጋ በማምጣቱ ሳይሆን የሌለውን ዋጋ ከማምጣት በመቆጠቡ ነው። ያለ ኮድ ተሰጥቶት ትክክለኛ ዋጋ ማምጣትማ የተበላሸውም ቀመር አያቅተውም።

ነገሩ በፌሮ ቢታይ ይቀላል። የዋጋ ዝርዝሩ ባለ 8 ፌሮን በ1010፣ ባለ 10ን በ1020፣ ባለ 12ን በ1030፣ ባለ 16ን በ1040 ኮድ መዝግቦ፣ የአንድ ቤርጋ ዋጋም በቅደም ተከተል 710፣ 1,110፣ 1,600 እና 2,845 ብር ነው እንበል። ለባለ 14 የታሰበው ኮድ 1035 ቢሆንም ዕቃው ገና በዝርዝሩ አልገባም። አንድ ደንበኛ 100 ቤርጋ ባለ 14 አዘዘና ሠራተኛው 1035ን በF2 ሴል ጻፈ፤ ቀመሩም እንዲህ ነበር፦

```
=VLOOKUP(F2,A2:C200,3)
```

ውጤቱ 1,600 ይሆናል። በቅንፉ ውስጥ መጀመሪያ የሚፈለገው ኮድ፣ ቀጥሎ የዝርዝሩ ክልል፣ ከዚያም ዋጋው ያለበት ዓምድ ተራ ቁጥር ይጻፋሉ፤ አራተኛው፣ ማለትም ፍለጋው በትክክል የሚገጥመውን ብቻ ይቀበል ወይስ የቀረበውንም ይውሰድ የሚለው ማስተካከያ፣ እዚህ ተትቷል። ሲተው ኤክሴል TRUE እንደተባለ ይቆጥረዋል፤ ዝርዝሩ ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድሯል ብሎ በማመንም ከተጠየቀው የማይበልጠውን የመጨረሻ ኮድ፣ በዚህ ጉዳይ 1030ን፣ ይወስዳል። የባለ 12 ሜትር ቤርጋ ክብደት ለባለ 12 ወደ 10.67፣ ለባለ 14 ደግሞ ወደ 14.5 ኪሎ ስለሆነ፣ በኪሎ ተመሳሳይ ሒሳብ የባለ 14 ዋጋ ወደ 2,178 ብር ይጠጋል። መደብሩ በ100 ቤርጋ 57,800 ብር ገደማ ያጣል ማለት ነው፤ በፕሮፎርማው ላይ ግን ምንም ስሕተት አይታይም። ዝርዝሩ በኮድ ካልተደረደረ ደግሞ ችግሩ ይብሳል፤ በውስጡ ላለ ኮድ እንኳ የሌላ ዕቃ ዋጋ ሊመጣ ይችላል።

የተስተካከለው ቀመር ይህን ይመስላል፦

```
=VLOOKUP(F2,$A$2:$C$200,3,FALSE)
```

FALSE በትክክል የሚገጥመውን ብቻ ስለሚቀበል 1035 ሲገባ #N/A ይመጣል፤ ይኸውም ኮዱ አልተገኘም ማለት ነው። የዶላር ምልክቱ ቀመሩ ወደ ታች ሲጎተት ክልሉ አብሮ እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፤ ያለዚያ ክልሉ በየረድፉ አንድ አንድ እየወረደ የላይኞቹን ዕቃዎች ከፍለጋው ያስወጣቸዋል። ስለዚህ ቀመሩን የሚፈትሽ ሰው የመጨረሻውን ረድፍ ቀመር ከፍቶ $A$2 እንዳልተለወጠ ማየቱ፣ መጀመሪያውን ብቻ ከማየት ይሻላል። #N/A አስቀያሚ ነው በሚል ቀመሩን IFERROR ውስጥ ከትቶ በ0 መተካትም በአንዳንዶች ዘንድ እንደ ንጽሕና ይቆጠራል። ይህ ግን የሚጮኸውን ማንቂያ አጥፍቶ ዕቃውን በነጻ ከመስጠት አይለይም።

FALSE ሁሉንም አይፈውስም። ዋጋ በናረ ቁጥር አዲሱን ዋጋ ከዝርዝሩ ግርጌ በአዲስ ረድፍ መጨመር የተለመደ ነው፤ ቀመሩ ግን ከላይ ጀምሮ መጀመሪያ ያገኘውን፣ ማለትም አሮጌውን ዋጋ፣ ስለሚወስድ ጥያቄው በትክክል ተመልሶም ገንዘቡ ይሳሳታል። ይህን ለማየት አንድ አጋዥ ቀመር ይበቃል፦

```
=COUNTIF($A$2:$A$200,F2)
```

ይህ ኮዱ ስንት ጊዜ እንደተመዘገበ ይቆጥራል፤ ከ1 በላይ ከሆነ ተደግሟል። ሌላም ጥቅም አለው፦ COUNTIF በቁጥርነት የተጻፈውን 1030 በጽሑፍነት ከተጻፈው 1030 አይለይም፤ VLOOKUP ግን ይለያል። ስለዚህ COUNTIF 1 እያለ VLOOKUP #N/A ካለ፣ ኮዱ በአንዱ ሠንጠረዥ ቁጥር፣ በሌላው ጽሑፍ ሆኖ ተቀምጧል ተብሎ መጠርጠር አለበት፤ ብዙ ጊዜም በሴሉ ጥግ ላይ የምትታየው አረንጓዴ ሦስት ማዕዘን ይህን ትጠቁማለች። ሁለቱም ቀመሮች ኮዱን ካላገኙት ግን ኮዱ በእርግጥ የለም፣ አለዚያም መጨረሻው ላይ የማይታይ ባዶ ቦታ ተከትሎታል፤ በፊደል በሚጻፉ ኮዶችም ሰው እንደ አንድ የሚያነባቸው ሰ እና ሠ ለኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

በአዲሱ ኤክሴል የመጣው XLOOKUP ማስተካከያው ሳይጻፍም በትክክል የሚገጥመውን ብቻ ይፈልጋል፤ በኤክሴል 2016 ወይም 2019 ላይ ግን ስለማይሠራ፣ ፋይሉ እነዚህ ወዳሉባቸው ኮምፒውተሮች የሚላክ ከሆነ FALSE የተጻፈበት VLOOKUP ይመረጣል።