የፋሲል ግንብ ማን ሠራው? ስለ አከራካሪ ሙግት

«ይህ ጽሑፍ የጎንደርን አብያተ መንግሥት የሕንፃ ጥበብ ይዳስሳል» ብሎ የሚጀምር ጥናት ስለ ምን እንደሚያወራ ነገረን እንጂ ምን እንደሚል አልነገረንም። አንባቢው ርዕስ ብቻ ስለቀረበለት ሊስማማም ሊቃወምም አይችልም። «ዐፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን መናገሻቸው አደረጉ» የሚለው ደግሞ ቁርጥ ያለ ነገር ይናገራል፤ ግን ተናግሮ ይጨርሳል። ሌላ ሐሳብ የሚቆምበት መረጃ ነው፤ እሱን ለማስረዳት ሠላሳ ገጽ አያስፈልግም። ለጥናት የሚበቃ ሙግት ከሁለቱም የተለየ ነው። ልዩነቱን ለማየት ከፋሲል ግንብ የተሻለ ጉዳይ አላገኘሁም።

ግንቡን ማን ሠራው በሚለው ላይ ሰዎች አጥብቀው ይከራከራሉ። ሰዎች ስለተከራከሩበት ብቻ ግን አንድ ዐረፍተ ነገር ሙግት አይሆንም። አንዳንዱ ግንቡን ኢየሱሳዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ እንደሠራው ያወራል። ፓኤዝ ያረፈው በ1622 ነው፤ ፋሲል የነገሡት በ1632። አንድ የሞት ቀን ይህን ክርክር ይዘጋዋል፤ አባባሉ የሚያከራክር ሳይሆን የተሳሳተ ነበር ማለት ነው። ሙግት የምንለው ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት ማስረጃ ፊታቸው ዘርግተው፣ በቀኑም በስሙም ተስማምተው፣ ትርጉሙ ላይ ግን ሲለያዩ ነው።

ብዙ ተማሪ ከዚህ ስሕተት ሲሸሽ «ግንቡ የውጭ ተጽዕኖ ይታይበታል» ወደሚል ዐረፍተ ነገር ይጠጋል። ይህ ከቀድሞው የባሰ ይመስለኛል። የፓኤዙ አባባል ቢያንስ ሊፈርስ የሚችል ነበር። «ተጽዕኖ ይታይበታል» የሚለውን ግን ማን ይቃወመዋል? ከየት የመጣ ተጽዕኖ? በምን ላይ? ምን ያህል? በማዕዘኑ ላይ ባሉት ጉልላታም ማማዎች ነው፣ በማያያዣው ኖራ ነው ወይስ በሠራተኞቹ ሙያ? እነዚህ ካልተለዩ ጸሐፊው ምንም ቢያገኝ ትክክል ነው፤ ምንም ባያገኝም እንዲሁ።

ስለዚህ ወደ ማስረጃው እንመለስ። የኢየሱሳውያኑ ጽሑፎች እንደሚሉት ለኖራ የሚሆነው ድንጋይ በአገሪቱ የታወቀው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ከህንድ በመጣ ሰው አማካይነት ነው። ሱስንዮስ ካቶሊክነትን የተቀበሉ ንጉሥ ነበሩ፤ በደንቀዝ ቤተ መንግሥት አሠርተዋል። ልጃቸው ፋሲል ግን የተዋሕዶን እምነት መልሰው ኢየሱሳውያኑን አባረሩ፤ ሆኖም ግንባቸውን በኖራ አሠሩት። ከዚህ ተነሥቶ እንዲህ ብሎ መሟገት ይቻላል፦ «ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ቢያባርሩም በእነሱ ዘመን የገባውን የኖራ ሙያ ይዘው ቀርተዋል፤ ስለዚህ የጎንደር ግንብ የሚመሰክረው ፖርቱጋሎች መሥራታቸውን ሳይሆን ቤተ መንግሥቱ ሙያውን ከእምነቱ ነጥሎ መውሰዱን ነው።»

ይህ ዐረፍተ ነገር ሦስት ነገር ይዟል። «ቢያባርሩም» የምትለው ቃል ከሙግቱ ጋር የሚጋጨውን እውነታ አስቀድማ ታምናለች። «ስለዚህ» የምትለዋ ከማስረጃው ወደ ትርጉሙ የሚሻገረውን ድልድይ ታሳያለች፤ ተቃዋሚው የሚመታውም እዚያ ላይ ነው። መጨረሻው ደግሞ የተለመደውን መልስ በስም ጠቅሶ ይጥላል። አንድ አንባቢ ቀኖቹን ሁሉ ተቀብሎ «የለም፣ ፋሲል ሙያውን የወሰዱት እንደ ባዕድ ነገር ሳይሆን ከአባታቸው ቤት እንደወረሱት ቅርስ ነው» ሊል ይችላል። ይህን መልስ የሚያስነሣ በመሆኑ ሙግቱ ለጥናት ይበቃል።

ሙግቱ የሚሰበርበት ቦታም አለ፤ ከጎንደር በስተደቡብ፣ እንፍራንዝ አጠገብ ባለ ኮረብታ ላይ ይገኛል። የጉዛራ ግንብ በ1597 ላረፉት ለዐፄ ሠርፀ ድንግል ይሰጣል፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ግን ዛሬ የምናየው ሕንፃ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው ይላሉ። ሕንፃው ከነኖራው የሠርፀ ድንግል ከሆነ፣ ኖራ በሱስንዮስ ዘመን ገባ የሚለው መሠረት ይናጋል፤ ፋሲልም የያዙት ከኢየሱሳውያን በፊት የነበረ ሙያ ይሆናል። የኋላው ወገን ትክክል ከሆነ ደግሞ ሙግቱ ይጠነክራል።

ጥንቁቅ ጸሐፊ ጉዛራን በግርጌ ማስታወሻ አይሸሽግም። እንዲያውም «በጉዛራ ዘመን ላይ የኋላውን አስተያየት ብንቀበል» ብሎ ሙግቱን በግልጽ ይገድባል፤ ለምን እንደተቀበለውም ከድንጋዩ፣ ከኖራውና ከዜና መዋዕሉ ያስረዳል። ስለ ፋሲል ግንብ አመጣጥ ተጽፎ ጉዛራን ያልጠቀሰ ጽሑፍ፣ ማጣቀሻው ቢበዛም፣ ሙግቱን ገና አላቀረበም።