ፕሪፎርም ጥሬ ዕቃ ነው ወይስ ጠርሙስ?

ሱሉልታ ውስጥ ውኃ ከሚያሽጉ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ግዢ ክፍል ውስጥ ከተቀመጥሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በጥንቃቄ ከምጽፋቸው ወረቀቶች አንዱ ለትራንዚተራችን የምልከው ጥያቄ ነው። አዲስ ዕቃ ልናስመጣ ስናስብ በየትኛው የታሪፍ ቁጥር እንደሚገባና ስንት ቀረጥና ታክስ እንደሚጠብቀን እጠይቀዋለሁ። ይህን ጥያቄ በደንብ መጠየቅ የተማርሁት በፕሪፎርም ነው።

ፕሪፎርም ጣት የሚያህል ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ነው። ታችኛው ጫፉ ድፍን ነው፤ በላይኛው በኩል ክዳን የሚጠመዘዝበት ጥርስ ወጥቶለታል። ማሽን ውስጥ ሞቆ ሲነፋ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ይወጣዋል። ጠርሙሱን ራሳችን መንፋት ስንጀምር ለትራንዚተሩ ደወልሁና፣ «ጋሼ፣ ለጠርሙስ መሥሪያ የሚሆን የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ቀረጡ ስንት ነው?» አልሁት። እሱም ለጠየቅሁት መለሰልኝ፤ የነገረኝ እንደ ሩዝ ፍሬ የሚመስለውን የፔት ሙጫ ነበር፣ በ3907 ሥር የሚመደበውን። ዕቃው ደረቅ ወደብ ሲደርስ ፈታሹ አንድ ካርቶን ከፈተና አንድ ፍሬ በእጁ ይዞ አገላበጠ። ዲክላራሲዮኑ ላይ የተጻፈውና እጁ ላይ ያለው አልተገናኙም። የቀረጡን ልዩነትም፣ ዕቃው የቆመበትን ቀን ኪራይም ከፈልን።

ፈታሹ ትክክል ነበር። በታሪፍ አተረጓጎም ደንብ 2(ሀ) መሠረት፣ ያላለቀ ዕቃ የተጠናቀቀውን ዕቃ ዋና ባሕርይ ከያዘ እንደተጠናቀቀው ይቆጠራል። የደንቡ ማብራሪያ በምሳሌነት ከሚያነሣቸው አንዱ ደግሞ ይኸው የጠርሙስ ፕሪፎርም ነው፤ አንድ ጫፉ ድፍን፣ ሌላው ጥርስ ያለው፣ ከጥርሱ በታች ያለው አካል ተነፍቶ የሚሰፋ እያለ ይገልጸዋል። ስለዚህ ቦታው 3923.30 ነው፤ ከጠርሙስ ጋር። እኛ ፋብሪካ ውስጥ «ጥሬ ዕቃ» ብለን መጥራታችን በምደባው ላይ ምንም አይለውጥም። ማበረታቻ ሲጠየቅ ሊጠቅም ይችል ይሆናል፣ እሱ ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ከዚያ ወዲህ ስጠይቅ ዕቃውን በእኛ ስም አልጠራውም። ከምን እንደተሠራ፣ ምን ያህል ሥራ እንዳለቀለት፣ እኛ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚደረግበት፣ የአንዱን ፍሬ ግራምና የአንገቱን ስፋት እጽፋለሁ። የአቅራቢውን ቴክኒካል ወረቀትና ከሁሉም ጎን የተነሣ ፎቶ አያይዛለሁ። ፕሮፎርማው ላይ ያለውን የአቅራቢውን ኮድ እንዲያየው ብሰጠውም፣ እንዲመለከተው እንጂ እንዲከተለው አይደለም። የመጀመሪያዎቹ 6 አኃዞች በዓለም የጋራ ናቸው፤ ቀጥለው የሚመጡት ግን የእኛው ሀገር ታሪፍ ናቸው፣ ምጣኔው የሚነበበውም እዚያ ነው። ከእሱ የምፈልገው ቁጥሩን ብቻ አይደለም። ለምን እዚያ እንዳስቀመጠው፣ ፈታሽ ወደ ሌላ ሊወስደው ቢሞክር ወደ የትኛው እንደሚወስደው፣ እያንዳንዱ ታክስ በምን ላይ እንደሚሰላ በጽሑፍ እንዲመልስልኝ እጠይቃለሁ።

የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም። ለምሳሌ ያህል ዕቃው ከነመጓጓዣውና ከነኢንሹራንሱ 1,000,000 ብር ነው እንበል፤ በአንድ ኮድ ቀረጡ 5 በመቶ፣ በሌላው 20 በመቶ ይሁን። ልዩነቱ 150,000 ብር ይመስላል። ነገር ግን 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ቀረጡ በተጨመረበት ዋጋ ላይ ይሰላል፤ 10 በመቶው ሱር ታክስ፣ ዕቃውን የሚመለከት ከሆነ፣ በሁለቱም ላይ ይደረባል። ተደምሮ በአንደኛው 328,250፣ በሁለተኛው 518,000 ብር ይደርሳል። ልዩነቱ 189,750 ሆነ ማለት ነው። ተጨማሪ እሴት ታክሱን በኋላ እናቀናንሰዋለን፣ ዕቃውን ለማውጣት ግን አስቀድሞ በእጅ መገኘት አለበት።

የትራንዚተር መልስ ምክር ነው፣ ውሳኔ አይደለም። ሁለት ኮድ እኩል አሳማኝ ሆነው ከታዩኝ፣ ባንክ ከመሄዳችን በፊት ከጉምሩክ ኮሚሽን በምደባው ላይ የቅድሚያ ውሳኔ በጽሑፍ እንዲጠየቅ አደርጋለሁ። ጊዜ ይወስዳል። ግን ዕቃው ከወጣ በኋላም ኦዲት ስለሚመጣ፣ ፈታሹ ዝም ብሎ ያሳለፈው ኮድ ያለቀለት ነገር አይደለም።

በቅርቡ የክዳን አቅራቢ ልንቀይር ነበርና ክዳኑን በዚሁ መንገድ ገልጬ ጻፍሁለት። ትራንዚተሩ ከመመለሱ በፊት ራሱ ጠየቀኝ፤ «ውስጡ የተለየ ማሸጊያ ቀለበት አለው? ካለው ከምንድን ነው?» አለ። ፎቶው ላይ አይታይም ነበር። አንዱን ክዳን በቢላ ለሁለት ሰንጥቄ፣ በፖስታ አድርጌ ላክሁለት።