ማሰሪያው የዘገየበት መስመር፦ በመንገድ ዳር የጤና ሰሌዳዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በንፋስ መውጫ በኩል ወደ ጋሸናና ወልዲያ የሚዘልቀው፣ በደርግ ዘመን በቻይናውያን የተሠራው መንገድ ለሕሙማን ቅብብሎሽ ወሳኝ ነው። የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ንፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ወደ ደብረ ታቦር የሚላክ አምቡላንስ በደጋው ጉምና በጠመዝማዛው ዳገት ቁልቁለት ውስጥ ከጭነት መኪናዎች ጋር እየተጋፋ ይጓዛል። በከተማዋ መግቢያ ላይ እንዲህ የሚል የጤና ሰሌዳ ቆሟል እንበል፦

«አንዲትም እናት ሕይወት ለመስጠት ስትል ሕይወቷን ማጣት ስለሌለባት ነፍሰ ጡር እናቶች በሙሉ በጤና ተቋም እንዲወልዱ ማድረግ የሁላችንም ኃላፊነት ነው!»

ምሳሌው ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀ ቢሆንም አነጋገሩ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። በየጤና ጣቢያው ግድግዳና በየስብሰባ አዳራሹ የምናነበው ነው። በአዳራሽ ውስጥ ጉድለት የለበትም፤ ተሰብሳቢው ተቀምጦ ያነበዋል፣ ካልገባውም ደግሞ ያነበዋል። የዚህ ሂስ ጥያቄ ይኸው ቃል ሳይለወጥ ወደ መንገድ ዳር ሲወጣ ምን ይደርስበታል የሚል ነው።

መጀመሪያ ጊዜውን እንለካ። በላቲን ፊደል ለሚጻፉ የመንገድ ምልክቶች በተለመደው ስሌት፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል ከ12 ሜትር ገደማ ርቀት ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ሳ እያለ በትንንሽ ቅጥያዎች ስለሚለያይ ይህን ርቀት በግማሽ መቀነስ ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ጽሑፍ ከ70 ሜትር ጀምሮ ይነበባል ብንል፣ የመጨረሻዎቹ 20 ሜትር ሰሌዳው ወደ ጎን የሚሸሽባቸው በመሆናቸው የሚቀረው 50 ሜትር ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ስለሚሸፍን ይህን በሦስት ሰከንድ ይጨርሰዋል። ሦስቱንም ሰከንድ ቢሆን ከሾፌሩ ልንወስድ አይገባም። በአሜሪካ በ100 መኪናዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2006 የቀረበ ጥናት፣ ዓይንን ከመንገድ ላይ ከሁለት ሰከንድ በላይ ማንሣት የአደጋን ዕድል ቢያንስ በእጥፍ እንደሚያሳድግ አሳይቷል። እንግዲህ ለመስመራችን የተፈቀደው ጊዜ ሁለት ሰከንድ ነው።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ከ19 ቃላትና ከ75 ፊደላት ምን ያህሉ ይነበባል? ሾፌሩ ፈጣን አንባቢ ነው ብንል እንኳ «አንዲትም እናት ሕይወት ለመስጠት ስትል ሕይወቷን ማጣት» እስከሚለው ቢደርስ ነው። እዚህ ላይ የርዝመት ብቻ ያልሆነ፣ ከቋንቋችን ባሕርይ የሚመነጭ ችግር ይገጥመናል። የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ማሰሪያ አንቀጹን በመጨረሻ ያስቀምጣል፤ አፍራሹም ከማሰሪያው ጋር ይመጣል። «ማጣት» ከተነበበ በኋላ «ስለሌለባት» ካልተነበበ፣ በሾፌሩ አእምሮ የሚቀረው እናት ሕይወቷን ማጣቷ ነው። መልእክቱ በከፊል አልደረሰም ማለት ብቻ አይደለም፤ የደረሰው ክፍል ተቃራኒውን ተናግሯል።

ስለዚህ ለእንግሊዝኛ ማስታወቂያ የሚነገረውን «ከሰባት ቃል አይብለጥ» የሚል ደንብ እንዳለ መቀበል አይበቃንም። የአማርኛ አንድ ቃል ባለቤትን፣ ተሳቢንና አፍራሽን በአንድነት ሊሸከም ስለሚችል ቃላቱ ጥቂት ሆነው ሸክማቸው ሊከብድ ይችላል። ለእኛ የሚሻለው መመዘኛ መስመሩ ከመካከል ቢቆረጥ የተነበበው ክፍል ምን ይላል የሚለው ነው።

አሁን ወደ እርማቱ እንግባ። የመጀመሪያው ሥራ አንባቢውን መለየት ነው። መስመሩ ለነፍሰ ጡሯ፣ ለቤተሰቧና ለኅብረተሰቡ በአንድ ጊዜ ይናገራል፤ መሪ ለጨበጠው ሰው ግን የሰጠው ሥራ የለም። ነፍሰ ጡሯ በጤና ተቋም እንድትወልድ የሚመክራት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና የነፍሰ ጡር እናቶች ውይይት ነው፤ ያን ምክር ሰሌዳው ሊተካው አይችልም። ሾፌሩ ሊያደርግ የሚችለው አንድ ነገር አለ፦ አምቡላንሱ እንዲያልፍ መፍቀድ። በ1994 እ.ኤ.አ. ታዴየስና ሜን ካቀረቧቸው ሦስት የመዘግየት ዓይነቶች መካከል ሾፌሩ እጁን ሊያስገባ የሚችለው በሁለተኛው፣ ማለትም ወደ ጤና ተቋም በመድረስ መዘግየት ላይ ነው።

ይህን ይዘን ስንጽፍ ቀድሞ የሚመጣልን፦ «በምጥ ላይ ያለች እናት የሚወስድ አምቡላንስ ሲመጣ መንገድ አይዝጉ» የሚለው ነው። ከ19 ቃል ወደ ዘጠኝ ወርዷል፤ አንባቢውም ታውቋል። ነገር ግን የቀድሞው በሽታ አልለቀቀውም፤ ትእዛዙ አሁንም በመጨረሻው ቃል ላይ ነው። ከዚህም በላይ «አይዝጉ» እና «ይዝጉ» የሚለያዩት በአንዲት «አ» ነው። በጉም ውስጥ ያች ፊደል ብትደበዝዝ ሰሌዳው መንገድ እንዲዘጋ ያዝዛል።

ስለዚህ ክልከላውን ወደ አዎንታዊ ትእዛዝ እንለውጥ፦ «አምቡላንስ ሲመጣ ዳር ይያዙ።» አራት ቃል ነው፤ ግልጽም ይመስላል። ሆኖም ንፋስ መውጫ አካባቢ ያለውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ሊቃወም ይገባል። በገደል አፋፍ ላይ ወይም በመታጠፊያ ውስጥ ዳር መያዝ ለሾፌሩም ለአምቡላንሱም አደጋ ነው። ሰሌዳው ውጤቱን ይንገረው፤ የት ላይ ቦታ እንደሚለቅ ሾፌሩ ራሱ ይወስን።

የመጨረሻው እርማት እንዲህ ይሆናል፦

«አምቡላንስ ያሳልፉ።
ምጥ አይጠብቅም።»

አራት ቃል፣ 18 ፊደል። ሾፌሩ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብቦ ቢያልፍ ሙሉ ትእዛዝ ይዟል። ሁለተኛው መስመር ምክንያቱን ይሰጣል። አፍራሽ ማሰሪያ ቢኖረውም «አ» ብትጠፋ የሚቀረው ቃል ትርጉም ስለማይሰጥና ትእዛዙም በሌላኛው መስመር ስለታሰረ ጉዳት አያደርስም። «ኃላፊነት»፣ «ሁላችንም»፣ «በሙሉ» የሚሉት ቃላት ወጥተዋል፤ መልእክቱ ግን አልጎደለም። የቢሮውና የረጂው ድርጅት ዓርማም ከጽሑፉ ጋር ሳይሻማ ከሰሌዳው ግርጌ በትንሹ ይቀመጥ።

ሰሌዳው ከመታተሙ በፊት በትንሽ ወጪ ሊፈተን ይችላል። በ70 ሜትር ርቀት ላይ የሚገኝ ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ፊደል፣ በ7 ሜትር ላይ ካለ ባለ 3 ሳንቲ ሜትር ፊደል ጋር ለዓይን እኩል ነው። ስለዚህ መስመሩን በወረቀት ላይ በዚህ መጠን ጽፎ መናኸሪያ ላይ ለቆሙ ዐሥር ሾፌሮች፣ ለየብቻ፣ በ7 ሜትር ርቀት ለሁለት ሰከንድ ማሳየትና መሸፈን ይበቃል። ጥያቄው «ወደዱት ወይ?» መሆን የለበትም፤ «ምን ያድርጉ አለዎት?» ነው። «ስለ እናቶች ነው» የሚል መልስ ከበዛ መስመሩ ወድቋል፤ ርእሱ እንጂ ሥራው አልደረሰም። «አምቡላንስ አሳልፍ ይላል» ካሉ አልፏል። ከዚያም የጽሑፉን የመጨረሻ ግማሽ ሸፍኖ ፈተናውን ለሌሎች ሾፌሮች መድገም ይገባል።

ሰሌዳው አምቡላንስ አይገዛም፤ ነዳጅም አይሞላም። የመጀመሪያውን መዘግየት በቤት ውስጥ፣ ሦስተኛውን በጤና ተቋሙ ውስጥ የምንጋፈጣቸው እኛው ነን። ሰሌዳው ሊሠራ የሚችለው በመታጠፊያው ላይ ከፊት ያለው የጭነት መኪና ቦታ የሚለቅባትን ቅጽበት ማቅረብ ነው፤ ለዚያች ቅጽበት ሲባል ማሰሪያው ቀድሞ ይነበብ።