ገና ከፍለው ያልጨረሱትን እንዴት እንቁጠራቸው?

ከአንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም መዝገብ የአሥር ተበዳሪዎችን ታሪክ አወጣን እንበል። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ አድርጌ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ። ጥያቄው ተበዳሪ ብድሩን ሙሉ በሙሉ ከፍሎ ለመጨረስ ስንት ወር ይፈጅበታል የሚል ነው። አንዱ በ3ኛው ወር ጨርሷል፤ ሁለቱ በ5ኛው፣ አንዱ በ8ኛው፣ አንዱ ደግሞ በ10ኛው። የቀሩት አምስቱ መረጃው በተወሰደበት ዕለት ገና በመክፈል ላይ ነበሩ። ብድሩን የወሰዱት በተለያየ ጊዜ ስለሆነ በዚያ ዕለት አንዱ 4 ወር፣ ሌሎቹ 6፣ 7፣ 9 እና 12 ወር ሆኗቸዋል።

እነዚህ አምስቱ በስታቲስቲክስ ሰዎች አነጋገር «ሴንሰርድ» ናቸው፤ ታሪካቸው ሲጀመር ታይቷል፣ ሲያልቅ ግን አልታየም። 9 ወር የሆነው ሰው መቼ እንደሚጨርስ አናውቅም። እስከ 9ኛው ወር እንዳልጨረሰ ግን በእርግጠኝነት እናውቃለን። የዚህ ሙያ ጥበብ ሁሉ ያለው ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚታወቀውን ያህል፣ ሳይጨምሩም ሳይቀንሱም መውሰድ ላይ ነው።

ቀላል የሚመስሉት ሁለት መንገዶች ሁለቱም ያሳስታሉ። ያልጨረሱትን ጥሎ የጨረሱትን አምስት ብቻ የሚያይ ሰው ግማሾቹ በ5ኛው ወር ጨርሰዋል ብሎ ይጽፋል። ቶሎ የሚከፍል ሰው ግን መረጃው ከመወሰዱ በፊት የመጨረስ ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ፣ ከጨረሱት መካከል የሚበዙት ፈጣኖቹ ናቸው፤ ዘገምተኞቹ ሳይታዩ ቀርተዋል። ሁለተኛው መንገድ መረጃው የተወሰደበትን ዕለት እንደ መጨረሻ ቆጥሮ ሁሉንም አሥሩን ማስገባት ነው። በዚህ አቆጣጠር ግማሹ የሚደርሰው በ6 ወር ተኩል ገደማ ነው። ይህም 12 ወር ሙሉ ሲከፍል ቆይቶ ያልጨረሰውን ሰው በ12ኛው ወር ጨረሰ ማለት ነው፤ መዝገቡ ግን እንዲህ አላለም።

በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ በዚህ ችግር ላይ ይደክሙ ነበር። ኤድዋርድ ካፕላን በቤል ላብራቶሪዎች በባሕር ሥር በሚዘረጋ የስልክ ኬብል ውስጥ የሚገቡ ቫኪዩም ቲዩቦች ስንት ጊዜ እንደሚያገለግሉ ያጠና ነበር። ፖል ማየር ደግሞ የካንሰር ሕሙማንን ክትትል ይመረምር ነበር። ጽሑፎቻቸው ለአንድ የአሜሪካ ስታቲስቲክስ መጽሔት ሲደርሱ አዘጋጁ ተመሳሳይነታቸውን አይቶ አንድ ላይ እንዲጽፉ አደረገ። የጋራ ሥራቸው በ1958 ታተመ፤ ዘዴውም በሁለቱ ስም ካፕላን–ማየር ተባለ።

ዘዴውን በእኛ አሥር ሰዎች ላይ እንየው። ካፕላንና ማየር ዕድሜውን በአንድ ጊዜ ለመለካት አልሞከሩም፤ አንድ ሰው በጨረሰ ቁጥር ቆም እያሉ «በዚህ ሰዓት ገና ዕዳ ላይ የነበሩት ስንት ናቸው? ከእነሱስ ስንቱ አሁን ጨረሱ?» ብለው ጠየቁ። በ3ኛው ወር ዕዳ ላይ የነበሩት አሥር ናቸው፤ አንዱ ጨረሰ፤ ያልጨረሰው ድርሻ 0.9 ሆነ። በ4ኛው ወር ላይ ክትትሉ የተቋረጠው ሰው እስከዚያ ድረስ ከአካፋዮቹ ውስጥ ተቆጥሯል፤ ከዚያ በኋላ ይወጣል። በ5ኛው ወር የሚቀሩት ስምንት ናቸው፣ ሁለቱ ጨረሱ፤ 0.9 ን በስድስት ስምንተኛ፣ ማለትም በ0.75 እናባዛለን፤ 0.675 ይሆናል። በ8ኛው ወር አራት ሰዎች ቀርተው አንዱ ስለጨረሰ ወደ 0.506 ይወርዳል። በ10ኛው ከሁለቱ አንዱ ጨረሰ፤ 0.253 ላይ ደረስን። ያልጨረሱት ከግማሽ በታች የሆኑት በ10ኛው ወር ነው። የመጀመሪያው መንገድ 5 ወር ብሎን ነበር፤ እዚህ እጥፉ መጣ።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን ብራድሊ ኤፍሮን በ1967 ያሳየው የዚሁ ስሌት ሌላ ገጽታ ነው። እንደ ውርስ አድርገን እናስበው። ለአሥሩም ሰዎች እኩል አንድ አሥረኛ ድርሻ እንስጥ። ከፍሎ የጨረሰ ሰው ድርሻውን ይዞ ይሄዳል። ሳይጨርስ ክትትሉ የተቋረጠ ሰው ግን ድርሻውን ከእሱ በኋላ ለሚቆዩት ሁሉ እኩል ያወርሳል። በ4ኛው ወር የወጣው ሰው 0.1 ድርሻውን ለስምንቱ ሲያካፍል ለእያንዳንዳቸው 0.0125 ይደርሳቸዋል፤ የእያንዳንዱ ድርሻ 0.1125 ይሆናል። በ5ኛው ወር ሁለቱ ሲጨርሱ 0.225 ከ0.9 ላይ ይቀነሳል፤ 0.675 ይቀራል። በማባዛት ያገኘነው ቁጥር ራሱ ነው! በ6ኛው ወር የወጣው 0.1125 ን ለአምስት ያወርሳል፣ የእያንዳንዱ ድርሻ 0.135 ይሆናል። በ7ኛው ወር የወጣው ይህንን ለአራት ያካፍላል፤ እያንዳንዱ 0.16875 ያዘ። በ8ኛው ወር የጨረሰው ሰው ይህን ይዞ ሲሄድ 0.506 ይቀራል። እያንዳንዱ እርምጃ ሳይዛነፍ ይገጥማል።

በዚህ ገጽታ ሲታይ ያልተነገረው እምነት ራሱ ይታያል። ወራሾቹ ከሟቹ ጋር ይመሳሰላሉ ብለናል። ክትትሉ በ6ኛው ወር የተቋረጠበት ሰው ዕጣ ፈንታ፣ ከ6ኛው ወር በኋላ ከቀሩት ጋር አንድ ዓይነት ነው ብለን ነው ድርሻውን ያስረከብነው። መረጃው የተወሰደው ለሁሉም በአንድ ዕለት ከሆነና መቋረጡ ብድሩ ዘግይቶ ከመጀመሩ በስተቀር ሌላ ምክንያት ከሌለው፣ እምነቱ ተገቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው ሰዎቹ ከመዝገቡ የወጡት በሌላ ምክንያት ሲሆን ነው።

የ6 እና የ7 ወሮቹ ሁለት ሰዎች በእርግጥ በመክፈል ላይ አልነበሩም፤ ሥራቸው ከስሮ ዕዳቸው ተሰርዟል እንበል። መረጃውን ያስገባው ሠራተኛ «አልጨረሰም» ከሚለው ምልክት ሌላ አማራጭ ስላልነበረው በዚያው መዘገባቸው። ኮምፒዩተሩ ምንም ሳይጠይቅ ያንኑ ስሌት ይሠራል፤ እስከ 10ኛው ወር 75 በመቶ ያህሉ ከፍለው ይጨርሳሉ ይላል። የከሰሩት ሰዎች ድርሻ ግን ለሚከፍሉት ሰዎች ተላልፎ የተቆጠረ ነው። ትክክለኛው አሠራር ሁለት መውጫ በሮችን ለየብቻ መያዝ ነው፤ አንዱ ከፍሎ መጨረስ፣ ሌላው ስረዛ። በየወሩ ገና በሁለቱም በር ካልወጡት ድርሻ ላይ ከፍለው የሚወጡትን ብቻ እንደምራለን። በ3ኛው ወር 0.1፣ በ5ኛው 0.225፣ ሁለቱ ዕዳዎች ከተሰረዙ በኋላ በ8ኛው 0.1125፣ በ10ኛው 0.16875፤ ድምሩ 0.606 ነው። 75 በመቶ የተባለው ወደ 61 በመቶ ወረደ። የተቋሙን የገንዘብ ፍሰት የሚያቅድ ሰው በመጀመሪያው ቁጥር ቢተማመን፣ ፈጽሞ የማይመጣ ገንዘብ ይጠብቃል።

ይህን ስህተት ከመዝገቡ ላይ መለየት ይቻላል። ለእያንዳንዱ ያልጨረሰ ሰው ብድሩ በተሰጠበት ቀን ላይ የቆየበትን ጊዜ እንደምር። ውጤቱ መረጃው ከተወሰደበት ዕለት ጋር መግጠም አለበት። ከዚያ በፊት የሚወድቅ ካለ ያ ሰው በሌላ በር ወጥቷል ማለት ነው፤ ፋይሉን ከፍቶ ምክንያቱን መፈለግ ግድ ነው። እኔ በበኩሌ ይህን መደመር ሳይሠሩ ኩርባ የሚስሉ ሰዎችን አላምናቸውም።

ሥራ መልቀቅን ስናጠና ደግሞ ተቃራኒው ጎን፣ የመነሻው ጎን ይጎድላል። አንድ ፋብሪካ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉትን ሠራተኞች ስም ሰጠንና ከዛሬ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደሚቆዩ ተከታተልን እንበል። በመጀመሪያው ወር የለቀቁት በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በኢትዮጵያ ውስጥ ለሥራ አመልካቾች የፋብሪካ ሥራን በዕጣ ሰጥተው በተከታተሉበት ጥናት አብዛኞቹ በወራት ውስጥ ለቀዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ዛሬ የተገኙትን ብቻ መቁጠር የቆራጦቹን ታሪክ ብቻ ማንበብ ነው። መፍትሔው በዚያው አካፋይ ውስጥ አለ፦ ዛሬ 14 ወር የሠራ ሠራተኛ ወደ ቆጠራው የሚገባው ከ14ኛው ወር ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ቢለቅ ኖሮ አናየውም ነበርና፣ በእነዚያ ወራት አካፋይ ውስጥ ቦታ የለውም። መውጫውን ያስተካከለው እጅ መግቢያውንም እንዲሁ ያስተካክላል፤ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም።

ወደ አሥሩ ተበዳሪዎች ስንመለስ የ12 ወሩ ሰው ይቀረናል። ከእሱ በኋላ ማንም ስለሌለ ድርሻውን የሚያወርሰው አጣ፤ 0.253 በእጁ እንደያዘ ቀረ። ኩርባው ዜሮ ላይ ሳይደርስ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከዚህ መረጃ አማካይ የመክፈያ ጊዜን ማስላት አይቻልም፤ ግማሾቹ የጨረሱበትን ወር ግን መናገር ይቻላል። በኮምፒዩተር ውጤት ላይ አማካይ ተጽፎ ካየን አንድ ሰው ወይም አንድ ፕሮግራም ጭራውን በራሱ ግምት ቆርጦታል ማለት ነው።

0.253 ራሱ ምን ያህል ይታመናል? ሜጀር ግሪንውድ በ1926 ያወጣው ቀመር እዚህ ይሠራል። በየእርምጃው የጨረሱትን ቁጥር፣ ለቀሩት ቁጥርና ከጨረሱት በኋላ ለሚተርፉት ቁጥር ብዜት አካፍሎ ይደምራል። ከሦስቱ የመጀመሪያ እርምጃዎች የሚመጣው ድምር 0.136 ሲሆን፣ ከሁለት ሰዎች አንዱ የጨረሰበት የ10ኛው ወር እርምጃ ብቻውን 0.5 ያዋጣል። የስህተት መጠኑ 0.2 ገደማ ይወጣል። ይህን በሁለቱም ወገን በቀጥታ ብንዘረጋው ታችኛው ጫፍ ከዜሮ በታች ይገባል፤ ያ ደግሞ ለድርሻ ትርጉም የለውም። ሥራውን የሚያውቁ ሰዎች መጀመሪያ ሎጋሪዝምን ሁለት ጊዜ በመውሰድ ቀይረው ያሰሉና ይመልሱታል። እንዲህ ሲደረግ የ95 በመቶው ክልል ከ1 እስከ 64 በመቶ ይሆናል። ኩርባውን ለቦርድ የሚያቀርብ ሰው ከሥሩ በየወሩ የቀሩትን ሰዎች ቁጥር በተርታ ያስቀምጥ፦ በ3ኛው ወር 10፣ በ5ኛው 8፣ በ8ኛው 4፣ በ10ኛው 2። ጭራው የተሠራው በሁለት ሰዎች መሆኑን አንባቢው ሳይጠይቅ ያየዋል።