የስቶር ኪፐሩ ሲቪ ሲነበብ

ድሬዳዋ ውስጥ የስቶር ኪፐር ክፍት ቦታ ሲወጣ ከሚገቡት ሲቪዎች ብዙዎቹ አንድ ሰው የጻፋቸው ይመስላሉ። በከፊል እውነት ነው። አመልካቹ ዲፕሎማውንና የሥራ ልምድ ደብዳቤውን ይዞ ከዚራ ወይም ሳቢያን ካሉት የጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች ወደ አንዱ ይገባል፤ ጸሐፊዋም ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው የሠራችውን ፋይል ከፍታ ስም፣ ስልክና የትምህርት ዘመን ትቀይርለታለች። መግቢያው ላይ ያለው «ታታሪ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል፣ በቡድን የመሥራት ብቃት ያለው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ግን ሳይነካ ይቀራል። በእንግሊዝኛም ቢጻፍ ያው ነው።

እንዲህ ያለውን ዓረፍተ ነገር ለመመዘን ስሙን በእጄ ሸፍኜ አነባለሁ። ቀጥዬም የዚሁ ተቃራኒ የሆነ ሲቪ ይኖር እንደሆነ ራሴን እጠይቃለሁ። ሰነፍ ነኝ ብሎ የሚያመለክት ሰው ስለሌለ «ታታሪ ነኝ» የሚለው ቃል አንዱን አመልካች ከሌላው አይለይም፤ ይሰረዝ።

ከዚህ የባሰው ግን የሥራ ልምዱ ሥር የተሸሸገው ነው፤ ምክንያቱም ሥራ ይመስላል። «የተለያዩ ዕቃዎችን በአግባቡ መረከብ፣ ማስቀመጥና ማሰራጨት እንዲሁም በቅርብ ኃላፊ የሚሰጡ ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን ማከናወን» የሚለውን ያላነበበ ቀጣሪ ያለ አይመስለኝም። ይህ ከመሥሪያ ቤቱ የሥራ መዘርዝር የተገለበጠ ነው። መደቡን ይገልጻል፤ መደቡ ላይ የተቀመጠው ሰው ምን እንደሠራ ግን አይናገርም።

ለምሳሌ ያህል ይህንኑ ዓረፍተ ነገር እናርመው። «ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎች» የሚለው ምንም ሳይጠየቅ ይወጣል። «የተለያዩ» በሚለው ቃል ቦታ የዕቃው ስም ይግባ፤ ሲሚንቶ ነበር? ብረት? የመኪና መለዋወጫ? የሲሚንቶ መጋዘን የጠበቀ ሰው ስለ እርጥበትና ስለ አደራደር ያውቃል፤ መለዋወጫ የጠበቀው ደግሞ በመለያ ቁጥር መፈለግን ተምሯል። «በአግባቡ» የሚለው ከሁሉ ይከፋል፤ አግባቡ ምን እንደነበር መጻፍ ሲገባ ቃሉ ብቻ ተጽፏል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ከሆነ ዕቃ ገቢ የሚሆነው በሞዴል 19፣ ወጪ የሚሆነው በሞዴል 22 ነው። እንግዲህ የታረመው እንዲህ ይላል፦

«የጽሕፈት መሣሪያና የጽዳት ዕቃ መጋዘን ለ2 ዓመት ጠብቄያለሁ። ገቢውን በሞዴል 19፣ ወጪውን በሞዴል 22 እያስተናገድኩ ቢን ካርዱን በዕለቱ እሞላ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ላይ የታየውን ልዩነት ከደረሰኞቹ ጋር አመሳክሬ ምክንያቱን በጽሑፍ አቅርቤያለሁ።»

አሁን ጠያቂው የሚይዘው ነገር አገኘ። ልዩነቱ ከምን መጣ ብሎ ይጠይቃል፤ የሠራው ሰው ይመልሳል። ሌላ ሰው ይህንን ቢገለብጠው ግን በሁለተኛው ጥያቄ ይያዛል። ቢን ካርድ ላይ የዕቃ ዋጋ እመዘግብ ነበር ብሎ የሚጽፍ አመልካች ያጋጥማል፤ ቢን ካርድ ከዕቃው ጎን ተንጠልጥሎ ብዛትን ብቻ የሚከታተል ነው፤ ዋጋው በሂሳብ ክፍል ባለው ስቶክ ካርድ ላይ ነው የሚገኘው። በግል ድርጅት የሠራ ሰውም ቅጾቹን እዚያ በሚጠሩበት ስም ይጻፍ እንጂ ሞዴል 19ን ለማስመሰል አያስገባ። ያልቆጠሩትን ቁጥር መጨመርም ከ«ታታሪ» የከፋ ነው።

የቋንቋው ሠንጠረዥ በድሬዳዋ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ፣ እንግሊዝኛ፤ በሁሉም ፊት ለፊት «እጅግ በጣም ጥሩ» ተሞልቷል። ከጅቡቲ መስመር ሾፌሮችና ከጫኝ አውራጆች ጋር ለሚውል መጋዘን ጠባቂ ሶማሊኛ ትልቅ ሀብት ነው፤ ሆኖም ሁሉም እኩል ሲሞላ ቀጣሪው የትኛውንም አያምንም። «ሶማሊኛ እናገራለሁ፣ አልጽፍም» ቢል ሌላው ሁሉ ይታመንለታል።

«ምስክሮች ሲጠየቅ ይቀርባሉ» የሚለውን በፍጥነት ልለፈው፤ ፈቃዳቸውን የሰጡ ሰዎች ካሉ ስማቸው ይጻፍ፣ ከሌሉ መስመሩ ይውጣ።

ሲቪው እንዲህ ሲጸዳ ግን አብሮ እንዳይጠረግ የሚያሰጋኝ ነገር አለ፤ የማስታወቂያው ቃል። ማመልከቻውን መጀመሪያ የሚያየው ብዙውን ጊዜ የሰው ኃይል ሠራተኛ ነው፤ መጋዘን ገብቶ ላያውቅ ይችላል፤ ሲቪውን ከማስታወቂያው ጋር እያስተያየ ነው የሚለየው። ማስታወቂያው ፒችትሪ ካለ «ጥሩ የኮምፒውተር ችሎታ» የሚለው ተሰርዞ «ፒችትሪ» ራሱ ይጻፍ፤ ምን ይሠራበት እንደነበርም አንድ ሐረግ ይጨመር። በሌላ ፕሮግራም የሠራ ደግሞ የዚያን ስም ጽፎ ፒችትሪን እንዳልነካው ከቃለ መጠይቁ በፊት ያሳውቅ።